የእትዬን ፊት ስቀይር የተሳሳትኩት ምርጫ ላይ ነው

ደሴ ፒያሳ ባለችው ፎቶ ቤቴ አንድ የቤተሰብ ፎቶ አንስቼ ነበር። ሁሉም አምረዋል፤ እትዬ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ልጄ፣ እንደምንም ዓይኔን ክፈትልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ፈገግታቸው የሚያምረውን ሌላ ፎቶ መረጥኩ። ፊታቸውን ቆርጬ ስለጥፈው ጭንብል ሆነ። ጠርዙን ሁለት ሰዓት ያህል አለሰለስኩ፣ ምንም። ጥፋቱ ጠርዙ ላይ አልነበረም። በዋናው ፎቶ ፊታቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራው መስኮት ነው። የመረጥኩት ግን ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነው። ሁለቱም ጆሮ ይታያል፤ የአፍንጫ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ሌላ አገኘሁ፤ ፊታቸው ወደ ግራ፣ ብርሃኑ ከቀኝ። ግራና ቀኙን ገልብጬው ልክ ገባ። ደስ ብሎኝ ሳለ ልጃቸው አይታ «ማርያም የሳመቻት ጉንጭ በዚህ በኩል ነው እንዴ?» አለች። የነጠላው አጣፋም ተገልብጧል። ተውኩት።

በመጨረሻ ከዚያው ቀን ፎቶዎች ሦስት ነገር ብቻ እያየሁ ፈለግሁ፦ የቀኙ ጆሮ መደበቁን፣ የአፍንጫው ጥላ በቀኝ ጉንጭ መውደቁን፣ የዓይናቸው ብልጭታ ከላይ በግራ መሆኑን። አንዱ ሦስቱንም አሟላ። ፈገግታው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፎቶውም ትንሽ ጠቁሯል። ጥቁረቱን Curves በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ጥላው በተሳሳተ ጉንጭ ቢወድቅ ኖሮ ግን Curves አያድነኝም ነበር።

አሁን ዋናውንና የምለጥፈውን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ አሳንሼ ጎን ለጎን ሳይ ልዩነቱ ቶሎ ይታየኛል። ቀለሙ ነው ለካ ሲያታልለኝ የነበረው።