የሌክቸር ቅጂን ወደ ሾርት ኖት ስትቀይሩ የምትሳሳቱባቸው ቦታዎች

ባሕር ዳር ግብርና ስማር ፈተና ሲደርስ ሁሌም አንድ ነገር ይገጥመን ነበር። የመምህሩን የአንድ ሰዓት ድምፅ በስልክ እንቀዳለን፣ ተካፍለን ቃል በቃል እንጽፈዋለን፣ ከዚያ 15 ገጽ ገደማ ይወጣና ማን ያንብበው። ግማሹ «እንግዲህ»፣ «ማለት ነው»፣ «ገባችሁ አይደል?» ነው። ማሳጠሩ ግድ ነው፤ ስናሳጥር ግን የፈተናውን መልስ አብረን እየቆረጥን ጣልን። ምሳሌዬን ከአፈር አሲዳማነት ሌክቸር ላምጣ፤ ጎጃም ላይ የግብርና ተማሪ ሆኖ ይህን ያልተፈተነ የለም።

የመጀመሪያው ስህተት «ማለት ነው»ን በጅምላ መሰረዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ ማጥፋት ቀላል ስለሆነ ሁሉም ያደርገዋል። ግን «ማለት» በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። «ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል ማለት ነው» ሲል ትርፍ ነው፣ ይውጣ። «አሲዳማ አፈር ማለት ፒኤቹ ከ7 በታች የሆነ አፈር ነው» ሲል ግን ትርጉም እየሰጠ ነው፤ ፈተና ላይ «ተርጉም» ተብሎ የሚመጣው ይህ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እያያችሁ ሰርዙ። «ማለት» መሐል ላይ ከመጣ ቆም በሉ፣ መጨረሻ ላይ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል።

«እንትን»ም እንደዚሁ ነው። መምህሩ «ያ እንትን ሥሩን ይጎዳዋል» ካለ፣ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ነበር። ቃሉን ከሰረዛችሁት ሥሩን የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ በእጁ የጻፈ ልጅ ፈልጉና ደብተሩን እዩ። እኛ ያገኘነው «አልሙኒየም» የሚል ነበር። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ በብዛት ይሟሟና ሥሩ እንዳይረዝም ያደርገዋል።

ትልቁ ስህተት ግን ድግግሞሹን ሁሉ አንድ ነው ብሎ አንዱን ብቻ ማስቀረት ነው። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ቅጂው ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦

«እንግዲህ ፎስፈረስ ይታሰራል። እሺ? ይታሰራል ማለት ተክሉ አያገኘውም። ፎስፈረስ ይታሰራል ብለናል፣ በምን? በአልሙኒየምና በብረት። ... ያው ፎስፈረስ የሚታሰረው፣ ፒኤች በጣም ከፍ ሲል ደግሞ በካልሲየም ነው።»

«ፎስፈረስ ይታሰራል» ሦስት ጊዜ አለ። እኔም አንዱን ይዤ ሁለቱን ሰረዝኩ። ፈተናው «ኖራ ከመጠን በላይ ቢጨመር ፎስፈረሱ ምን ይሆናል?» ብሎ መጣ። ኖራ ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ፣ መልሱ የሰረዝኩት ሦስተኛው ላይ ነበር። መምህር ሲደግም አንዳንዴ እያስታወሰ ነው፣ አንዳንዴ ግን ሁኔታ እየጨመረ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የተደጋገሙትን ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉና ሁለተኛው ላይ ያለውን አዲስ ቃል አስምሩበት። አዲስ ቃል ከሌለው ይሰረዝ። ካለው ቃሉን ብቻ ወደ ላይ አምጡት። ያ ሁሉ ወሬ እንዲህ ይሆናል፦

ፎስፈረስ ለምን ለተክሉ አይደርስም?
ፒኤች ሲወርድ፦ አልሙኒየምና ብረት ያስሩታል።
ፒኤች በጣም ሲወጣ፦ ካልሲየም ያስረዋል።

ልብ በሉ፣ «ለምን» የሚለው አልቀረም። ብዙ ልጆች «ኖራ = ለአሲድ አፈር» ብለው ይዘጉታል፤ ያ ኖት አጭር ነው እንጂ ፈተና ላይ አይጠቅምም። መምህሩ ስለ አንድ የባንጃ ገበሬ ያወራውንም ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። ማዳበሪያ ጨምሮ ገብሱ እምቢ አለው ካለ፣ ምክንያቱ ያው የታሰረው ፎስፈረስ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ይውጣ፣ ምክንያቱ ግን ይቆይ።

መምህር ራሱን ሲያርምም ተጠንቀቁ። «ፒኤች ሲጨምር አሲድነቱ ይጨምራል... ይቅርታ፣ ሲቀንስ» ቢል፣ በችኮላ የሚያሳጥር ሰው የፊተኛውን ይዞ «ይቅርታ»ን እንደ ትርፍ ቃል ይጥላል። ኖቱ ግልብጥ ብሎ ይቀራል። «ይቅርታ»፣ «አይ»፣ «ቆይ» ያለበትን ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ፈልጉ፣ ከእነሱ በፊት ያለውን የተሳሳተ ቃል በታረመው ተኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ቁጥርም አለ። ድምፁ ጥሩ ካልሆነ «አምስት» እና «አምሳ» ይምታታሉ፣ «ነጥብ» የምትለዋ ደግሞ ጭራሽ ትዋጣለች። 5.5 «55» ሆኖ የተጻፈ ቅጂ አይቻለሁ። ፒኤች ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 14 ስለሚለካ ይህኛው ወዲያው ያስታውቃል፤ የኖራ መጠን ላይ ግን አያስታውቅም። ስለዚህ ቁጥር ያለበት መስመር አጠገብ የድምፁን ደቂቃ ጻፉና፣ ኖቱ ካለቀ በኋላ እነዚያን ደቂቃዎች ብቻ ተመልሳችሁ ስሙ።