ከክረምት የወጣ ሳጥን፦ ያረጀ ወረቀት ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው መስከረም አንዲት ጎረቤታችን የሟች ባለቤታቸውን ሳጥን በልጃቸው አስይዘው መጡ። ነሐሴ ላይ ቆርቆሮው በሚስማሩ ቀዳዳ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ሳጥኑ ደግሞ አልጋ ሥር፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። ሲከፈት ያ የምናውቀው የሻጋታ ሽታ ፊታችን ላይ መጣ።

ውስጡ አራት ነገር ነበር። ሐምራዊ ማኅተም ያለበት የጋብቻ ወረቀት፣ አንድ እስር የግብር ደረሰኝ፣ በእርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ፣ እና አንድ የወረቀት የጸሎት መጽሐፍ።

እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጽሐፍ ማበላሸትን በደንብ የተማርኩትም እዚያው ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው።

መጀመሪያ ቡናማው ነገር ምን እንደሆነ እንለይ። አንዱ ቀይ ጤፍ የተበተነበት የሚመስለው ነጠብጣብ ነው። እሱ የሚመጣው ከሻጋታ፣ ወይም ወረቀቱ ሲሠራ ከቀረ ደቃቅ ብረት ነው። ሌላው እንደ ካርታ መስመር የሚጠማዘዘው ጠርዝ ነው። ውሃ ወረቀት ውስጥ ሲሄድ ቆሻሻውንና ያረጀውን የወረቀት ብስባሽ እያሟሟ ይገፋዋል። ውሃው ደርሶ በቆመበት ይደርቅና የገፋውን ሁሉ እዚያ ይተወዋል። ይህን የውሃ መስመር ማደብዘዝ ይቻላል። ነጠብጣቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። እሱን አጠፋለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ወረቀቱን ያጠፋል።

ስህተት አንድ፦ ቦታውን ብቻ በእርጥብ ጥጥ ማሸት

ጎረቤታችን ይህን አድርገውት ነው የመጡት። ደብዳቤው ጥግ ላይ ያለውን ቡናማ በእርጥብ ጥጥ ፈተጉት። የሆነው ምንድን ነው? አሮጌው መስመር ትንሽ ሳሳ፣ ከሱ ወጣ ብሎ ደግሞ አዲስ መስመር ተሠራ። የፈተጉበት ቦታ ላይም ወረቀቱ እንደ አሮጌ ሹራብ ጸጉር አወጣ።

ምክንያቱ ያው ከላይ ያልነው ነው። ቆሻሻው የትም አልሄደም፣ ትንሽ ተገፋ እንጂ። እርጥብ ወረቀት ደግሞ ጉልበት የለውም፤ ጣት ሲነካው ይላጣል።

ወረቀት መጀመሪያ የሚጸዳው ደረቁን ነው። ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ነካ አድርጉት። ከተቀባና ከተንሸራተተ ገና እርጥብ ነው፤ አትንኩት፣ ይድረቅ። እንደ ዱቄት ከበነነ ደርቋል። ያን ጊዜ ማስክና ጓንት አድርጋችሁ ደጅ ውጡ። ከመጽሐፉ መሐል ወደ ገጹ ጠርዝ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። ወደ ኋላ የተመለሰ ብሩሽ የተሰነጠቀ ጠርዝ ይይዝና ይቀደዋል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

ስህተት ሁለት፦ በረኪና

"ትንሽ ጠብ ላርግበት እንጂ ነጠላም በሱ ይነጣ የለ?" አሉኝ ጎረቤታችን።

ነጠላ ይነጣል፤ ታጥቦም በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። መጽሐፍ ግን አይለቀለቅም። በረኪና ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚበላው። ወረቀቱን አንድ ላይ የያዘውን ክር መሳይ ነገር ይቆራርጠዋል። የቀረውም ውስጥ ሆኖ መብላቱን አያቆምም። ዛሬ ነጭ ሆኖ ደስ ያሰኛል፤ ቆይቶ ቦታው ይቢጫል፣ ሲታጠፍም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። አንድ የቤተ መጻሕፍታችንን አትላስ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ያነጣሁበት ክብ ከጊዜ በኋላ በራሱ ቀዳዳ ሆነ።

ኦክስጅን ውሃ እያሉ የሚሸጡት ማንጫም ቢሆን ያው ነው። እንዲያውም ነጠብጣቡ ውስጥ ብረት ካለ የወረቀቱን መበላሸት ይበልጥ ያፈጥነዋል። አልኮልም "ሻጋታ ይገድላል" ተብሎ ይቀባል። የእስክሪብቶና የማኅተም ቀለምን እንደሚያሟሟ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ካፈሰሰው በኋላ ነው።

ስህተት ሦስት፦ ፀሐይ ላይ ማስጣት

በርበሬ ይሰጣል፣ መጽሐፍ አይሰጣም። የምንኖርባት ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ትበረታለች። ቀለም ታደበዝዛለች፣ ርካሽ ወረቀትን ታቢጫለች። አንዱን ፊት ቶሎ ስለምታደርቀውም ገጹ ይጠቀለላል። በካውያ መተኮስም ከዚህ አይሻልም። እድፉን ያጋግረዋል፣ በሌዘር ፕሪንተር የታተመ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ይቀልጣል።

መጽሐፉን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማቆም ይበቃል። በጣም ከረጠበ በየ20 ገጹ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አስገቡና በየጥቂት ሰዓቱ ቀይሩ። ጋዜጣ አታስገቡ፤ ቀለሙ ይተላለፋል። ብዙም አትጠቅጥቁ፤ መጽሐፉ በጀርባው ይሰነጠቃል። እርጥቡ ነገር በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መጀመሩ አይቀርም። ስለዚህ ብዙ ከሆነ ከፊሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ጊዜ ይገዛል።

አየሩም ያግዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምንም ብትለፉ ወረቀት እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግን ደረቁ አየር ሥራውን ግማሽ ይሠራላችኋል።

ስህተት አራት፦ ሽታውን በወይራ ጭስ መሸፈን

እኛ ቤት እንስራውም ጋኑም በወይራ ይታጠናል። መጽሐፍስ ለምን ይቅር? ጭስ ጥላሸትና ቅባት አለው። ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ከሻጋታው ሽታ ጋርም ተደባልቆ ሦስተኛ ሽታ ይሆናል። ሽቶ መርጨትም እንደዚያው።

ሽታ የሚሸፈን ሳይሆን የሚጠጣ ነገር ነው። መጽሐፉ በደንብ ከደረቀ በኋላ (ይህ "በኋላ" ትልቅ ነው፤ እርጥቡን ብትዘጉበት ሻጋታ እያራባችሁ ነው) ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ከታች በጎድጓዳ ሳህን ሁለት ሦስት ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ወይም ተቀጥቅጦ በጨርቅ የታሰረ ያልነደደ ከሰል አድርጉ። መጽሐፉን ከሱ ሳይነካካ፣ ገለጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ክደኑ። ሶዳውን ገጹ ላይ አትነስንሱ፤ ከስፌቱ ውስጥ አይወጣም። ከሳምንት በኋላ አሽትቱት። ካልበቃው ሶዳውን ቀይሩና ሌላ ሳምንት ይቆይ። የጎረቤታችን የጸሎት መጽሐፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል።

ስህተት አምስት፦ የተጣበቀ ገጽ መጎተት

ደረሰኞቹ እንደ እንጀራ ተነባብረው ተጣብቀው ነበር። ልጁ በጥፍሩ ሊልጣቸው ሲል እጁን ያዝኩት። ደረቅ የተጣበቀ ወረቀት ሲሳብ የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጀርባ ጋር ይሄዳል።

ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከታች እርጥብ ጨርቅ አነጠፍን። በላዩ ወንፊት ገልብጠን ደረሰኞቹን አስቀመጥንና ዘጋነው። ውሃው አይነካቸውም፤ እርጥብ አየሩ ብቻ ነው የሚያለሰልሳቸው። በየግማሽ ሰዓቱ እያየን፣ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ጠርዛቸው ላላ። ከዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ከወረቀቱ ጋር አጋድመን እያስገባን ለየናቸው። እምቢ ያለውን ወደ ዕቃው መለስነው። ሌሊቱን ግን አታሳድሩት፤ ሻጋታ ይነሳል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ተጣብቆ ከደረቀ በዚህም አይለቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ይህ ሁሉ ለወረቀት ብቻ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ ውሃም እርጥብ አየርም ይጨማድደዋል። ብራና ያላችሁ አድርቃችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ደብዳቤውን እንዴት አጠብነው

የውሃ መስመር የሚደበዝዘው ወረቀቱ በሙሉ እኩል ሲረጥብ ብቻ ነው። ይህ ላልተጠረዘ፣ ጠንካራ ለሆነ ነጠላ ወረቀት ነው።

በቅድሚያ ቀለሙን ፈተንን። በቀጭን ብሩሽ አንድ ፊደል ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ አኖርን፣ አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ በነጭ ሶፍት ጫን አልነው። የጋብቻው ወረቀት ማኅተም ሶፍቱን ወዲያው ሐምራዊ አደረገው። እሱ ውሃ አያይም ማለት ነው። የደብዳቤው እርሳስ ምንም አልለቀቀም።

ትሪ ውስጥ ቱል አነጠፍን፤ ደብዳቤውን በላዩ አድርገን ከሁለቱም በኩል እንደ ጤዛ ውሃ ረጨንበት። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘና የተጣራ ውሃ ከጥግ ቀስ ብለን ጨመርን። ዝገት ያለበት የጉድጓድ ውሃ አይሆንም። በ20 ደቂቃ ውሃው ቀላል ሻይ መሰለ። ቀየርነው። ሁለተኛው ትንሽ ቢጫ አለ፣ ሦስተኛው ጠራ። ስናወጣ የያዝነው ቱሉን ነው። የረጠበን ወረቀት በሁለት ጥጉ ይዞ ማንሳት በገዛ እጅ መቅደድ ነው።

አቡጀዲ ላይ ጥቂት አጠፈፍነው። ከላይና ከታች ንጹሕ ጨርቅ አድርገን፣ በሁለት ጣውላ መሐል ድንጋይ ጫንበት። ጨርቁን የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀየርን። በአራተኛው ቀን ደርቆና ተዘርግቶ ወጣ። መስመሩ ፈዝዟል። የጤፍ ነጠብጣቡ እንዳለ ነው። ጥጉ ላይ የተፈተገው ጸጉርም አልተመለሰም።

ስህተት ስድስት፦ ወደ ነበረበት መመለስ

ሳጥኑ አልጋ ሥር ተመልሶ ከገባ በቀጣዩ ነሐሴ ሁሉም እንደገና ነው። ከግድግዳው በክንድ ያህል ራቅ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። ላስቲክ ውስጥ አጥብቆ ማሰር እርጥበቱን አብሮ ያስራል። የተቀደደውንም በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ራሱ ቡናማ እድፍ ይሆናል።

የጋብቻውን ወረቀት በብሩሽ ብቻ ጠርገን፣ ፎቶ ኮፒ አንስተን፣ በነጭ ወረቀት መሐል አስቀመጥነው። እማማ አገላብጠው አዩትና፣ "እድፉ አልለቀቀማ" አሉ። አልለቀቀም። ማኅተሙ ግን አለ፤ የሁለቱም ስም ይነበባል።