ለጀማሪ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰላምታ እንዴት እናስተምር?

አማርኛ ለማያውቅ ሰው ሰላምታ ስናስተምር አብዛኞቻችን «‹ደህና ነህ?› በል» ብለን እንጀምራለን። ጀማሪውም የሰማውን ይይዛል፣ «ደህና ነህ?» ሲሉት «ደህና ነህ» ብሎ ይመልሳል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ብዙ ቋንቋ ሰላምታን በዚያው በሰላምታ ቃል መመለስ ይፈቅዳል።

ስለዚህ ከመልሱ ጀምሩ። «ደህና ነኝ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እናንተ ጠይቁ፣ እሱ ይመልስ፤ ሳያስብ እስኪወጣለት አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ጥያቄውን ገና እንዲል አትጠይቁት። በራሱ ፊደል እንዲጽፈውም አትፍቀዱለት፤ አንዴ ከጻፈው ጽሑፉን ያነባል እንጂ ድምፁን አይሰማም።

ጥያቄውን ስታስተምሩ «ደህና ነዎት?» ይቅደም። ጾታ ስለማይለይ ለማያውቀው አዋቂ ሰው ሁሉ ይሆነዋል። ለልጅና ለጓደኛ ግን እንግዳ ስለሚሆን ቀጥሎ ነህና ነሽን መለየት አለበት። ትልቁ ስህተት የሚመጣውም እዚህ ነው።

አንዲት ሴት አስተምር ነበር። የሚያገኛት ሁሉ «ደህና ነሽ?» ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወንድሜን ስታገኘው ፈገግ ብላ «ደህና ነሽ?» አለችው። ቀን ከሌት የምትሰማው ለራሷ የሚነገረውን ብቻ ነበርና ነሽ የሰላምታው አካል መስሏታል። ይህን በማብራሪያ ማረም አልቻልኩም። የሠራው ሌላ ነው፦ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል አስቀመጥኳትና ሁለቱንም ተራ ሳትጠብቅ እያፈራረቀች እንድትጠይቅ አደረግኩ። ተራ ከጠበቀች ቅደም ተከተሉን ትሸመድዳለች እንጂ ሰውየውን አታይም።

ነህ ላይ የድምፅ ችግርም አለ። እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ቃልን በ«ህ» መጨረስ ስላልለመደ «ደህና ነ» ብሎ ይቆማል። መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ ይበለው፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ መዳፉን ካልነካው «ህ»ዋ አልወጣችም ማለት ነው። የ«ደህና»ዋም «ህ» እንዲሁ ትዋጥበታለች፣ በዚያው መንገድ ትታረማለች።

ይህ ሲጸና «አንተስ?» እና «አንቺስ?»ን ጨምሩ። አሁን ንግግሩ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፦

— ደህና ነሽ?
— ደህና ነኝ፣ አንተስ?
— እኔም ደህና ነኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን»ን ለጊዜው ሲሰማ እንዲያውቀው ብቻ ንገሩት፤ መናገሩ ይቆይለት።

ሲሳሳት መሃል ላይ አታቋርጡት። መልሱለትና ሰላምታውን ጨርሱ፣ ከዚያ «እንደገና» ብላችሁ ትክክለኛውን እናንተ ጀምሩለት። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሳይሳሳት እስኪለው ድረስ አዲስ ቃል አትጨምሩ።