ጋዝ ስናሰላ ኬልቪን ለምን? በአንድ ሲሊንደር እንየው

አንድ በያጅ ጠዋት የኦክስጅን ሲሊንደሩን ጌጅ ሲያየው 100 ባር ይላል። ሲሊንደሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ላይ ውሎ 40 ዲግሪ ደረሰ። ጋዝ አልወጣም፣ አልገባም። አሁን ጌጁ ስንት ይላል? «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ 200» የሚል ብዙ ነው።

እስቲ ያንኑ በፋራናይት እንሞክረው። 20 ዲግሪ 68፣ 40 ዲግሪ ደግሞ 104 ይሆናል። 104ን ለ68 ስናካፍል 1.53 እናገኛለን፤ ግፊቱ 153 ባር ወጣ ማለት ነው። ሲሊንደሩ ያው፣ ቀኑ ያው፣ መልሱ ሁለት! ጠዋት 0 ዲግሪ ቢሆን ኖሮማ ለዜሮ ልናካፍል ነበር።

ጣጣው ያለው ዜሮው ላይ ነው። የሴልሺየስ ዜሮ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ ነው፤ ሰው ለምቾቱ የመረጠው። የጋዙ ቅንጣቶች ግን እዚያም ቢሆን የሲሊንደሩን ግድግዳ መደብደባቸውን አያቆሙም። የተዘጋ ጋዝ ከ0 ዲግሪ ወደ ታች ሲቀዘቅዝ፣ በየዲግሪው ግፊቱ በ0 ዲግሪ ከነበረው 1/273 ያህል ይቀንሳል። ይህን መስመር ወደ ታች ብናስረዝመው ግፊቱ ዜሮ የሚሆነው −273.15 ላይ ነው። የኬልቪን መለኪያ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግፊት እጥፍ የሚሆነው ከዚያ ዜሮ የተቆጠረው ሙቀት እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ።

1. በደንብ ለኩ። ቴርሞሜትር የሚናገረው የራሱን ሙቀት ነው። የጋዙን እንዲነግረን የሚያደርገው ዜሮኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ነው፦ ሁለት ነገሮች እያንዳንዳቸው ከሦስተኛው ጋር በሙቀት ከተስተካከሉ፣ እርስ በርሳቸውም ተስተካክለዋል። እዚህ ሦስተኛው የሲሊንደሩ ብረት ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ብረቱ ላይ አስጠግታችሁ ከፀሐይ ከልሉት። ንባቡም ጌጁም መንቀሳቀስ እስኪያቆሙ ጠብቁ። ብረቱ ገና እየሞቀ ከሆነ ጋዙ ወደኋላ ቀርቷል፣ ቁጥሩ ያታልላችኋል። የአየሩን ሙቀት ከስልክ ማንበብማ ጭራሽ አይሆንም።

2. 273 ደምሩ። 20 ወደ 293፣ 40 ወደ 313 ኬልቪን ይቀየራል። (0.15ቷ ለእንዲህ ዓይነት ስሌት ለውጥ አታመጣም።)

3. አካፍሉና አባዙ።

```
P2 = P1 × T2 / T1
P2 = 100 × 313 / 293 ≈ 107
```

107 ባር። 200ም 153ም አይደለም። በዚህ ግፊት ኦክስጅን ከቀመሩ ጥቂት ስለሚዛነፍ ጌጁ አንድ ሁለት ባር ቢለይ አይግረማችሁ።

የሙቀት ልዩነት ብቻ ሲፈለግ ግን 273 መደመር አያስፈልግም፤ 20 ዲግሪ መጨመር በኬልቪንም 20 ነው።

ያው ወጥመድ በግፊትም አለ። ጌጅ ዜሮ የሚለው ከውጪው አየር ጋር እኩል ሲሆን ነው። 100 ባር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። 2 ባር ለተነፋ የመኪና ጎማ ስታሰሉ ግን መጀመሪያ የውጪውን አየር ግፊት ደምሩ፤ በባሕር ጠለል 1 ባር፣ አዲስ አበባ ላይ 0.77 ገደማ ነው። ካሰላችሁ በኋላ መልሳችሁ ቀንሱት።