«ከኬሞ 10,000 እጥፍ ይበረታል» የሚል ሜሴጅ ሲደርሳችሁ እንዴት እንደምታጣሩት

አክስቴ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ አንድ ረጅም ሜሴጅ ፎርዋርድ አደረገች። ሎሚ የካንሰር ሴል ይገድላል፣ ከኬሞቴራፒ 10,000 እጥፍ ይበረታል፣ 12 አይነት ካንሰር ላይ ተሞክሯል፣ የመድኃኒት ካምፓኒዎች ትርፋቸው እንዳይነካ ደብቀውት ነው እንጂ... ይላል፣ መጨረሻው ላይ ያው እንደተለመደው ለምትወዱት ሁሉ ላኩ አለበት። ይሄ ሜሴጅ በእንግሊዝኛ ከ10 አመት በላይ ሲዞር የኖረ ነው፣ እኛ ጋ ተተርጉሞ ደረሰ እንጂ። ለማጣሪያ ልምምድ ግን እንደሱ የሚመች የለም፣ ስለዚ እሱን ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ ሜሴጁን በሙሉ ለመከራከር አትሞክሩ፣ አትጨርሱትም። ውስጡ እውነትም ተቀላቅሏል (ሎሚ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ማን ይክዳል)፣ እሱ ነው ሌላውንም ተሸክሞ የሚያሳልፈው። ይልቅ ምርቃቱን፣ «ሼር አድርጉ»ውን፣ «ደብቀውት ነው»ን በሙሉ በሃሳባችሁ ሰርዙትና የሚቀረውን እዩ። «ደብቀውት ነው» የሚለውን ማንም ማጣራት አይችልም፣ ለዛም ነው የተጻፈው። ማጣራት የሚቻለው ቁጥር፣ የተቋም ስም፣ የመድኃኒት ስም ነው። ከኛ ሜሴጅ 10,000 ቀረ፣ «አድሪያማይሲን» የሚል የኬሞ መድኃኒት ስም ቀረ። በቃ አንዱን ቁጥር ያዙ፣ ቁጥር ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት።

ዋትሳፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ ሁለት ቀስት ካለው ሜሴጁ ቢያንስ አምስት ቻት አልፎ ነው የመጣው ማለት ነው። ይሄ ውሸት መሆኑን አያሳይም፣ የላከላችሁ ሰው እንዳልጻፈው ግን ያሳያል። ስለዚ «ዘመዴ ነው የላከው» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ሰርች ነው። ብዙዎቹ ሜሴጆች ትርጉም ስለሆኑ በአማርኛ ብቻ ፈልጋችሁ ምንም አጣሁ እንዳትሉ፣ ቁጥሩንና መድኃኒቱን በእንግሊዝኛ አስገቡ፣ ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉት ልክ እንዳለ እንዲፈልግላችሁ፦

```
"10,000 times" adriamycin
```

እዚ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው። ያው ቁጥር፣ ያው መድኃኒት፣ አንዳንዴም ያው አረፍተ ነገር ስለ ሎሚ ሳይሆን ስለ ጊሽጣ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ሳወርሶፕ ወይም ግራቪዮላ የሚሉት አይነት። የሎሚውን የእንግሊዝኛ ሜሴጅ ረጋ ብላችሁ ብታነቡት እኮ መሃል ላይ «የዚህ ዛፍ ንጥረ ነገሮች» ብሎ ዛፍ ዛፍ ማለት ይጀምራል። የሆነ ሰው የጊሽጣውን ጽሁፍ ወስዶ ፍሬውን ቀይሮ ነው የላከው። አንድ ቁጥር ሁለት ፍሬ ላይ ተለጥፎ ካገኛችሁ ቢያንስ አንዱ የተሰረቀ ነው።

እሺ የጊሽጣውስ? እሱ እውነተኛ ምንጭ አለው፣ እኔም መጀመሪያ ሳገኘው ደንግጬ ነበር። PubMed የሚባለው የህክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ ተክሉን በሳይንሳዊ ስሙ፣ ከንጥረ ነገሩ ስም ጋር አስገቡ፦

```
Annona muricata cis-annonacin
```

እ.ኤ.አ በ1996 የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከጊሽጣው ዘር (ዘሩ! ሰው የሚበላው ስጋውን ነው) ንጥረ ነገሮች ለይተው አወጡና አንዷ ላብራቶሪ ውስጥ ባለ የአንጀት ካንሰር ሴል ላይ ከአድሪያማይሲን 10,000 እጥፍ ሃይለኛ ሆና ተገኘች። ቁጥሩ የመጣው ከዚ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ከሜሴጁ ጋር አስተያዩት፦ ከዘር ተለይታ የወጣች አንዲት ንጥረ ነገር «ፍሬው» ሆነች፣ አንድ አይነት ሴል «12 አይነት ካንሰር» ሆነ፣ አንድ መድኃኒት «ኬሞቴራፒ» ሆነ፣ ከዛ ፍሬው ራሱ ሎሚ ሆነ። ሜሴጅ እንዲ ነው የሚያድገው።

ስለዚ ጥናቱን ስታገኙ ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ ምን ላይ ነው የተሞከረው? ሴል ላይ፣ አይጥ ላይ ወይስ ሰው ላይ? ማጠቃለያው ላይ cells ወይም cell line የሚል ካያችሁ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው፣ mice ወይም rats ካለ አይጥ ነው። ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል መግደል ከባድ አይደለም፣ በረኪናም ይገድለዋል። ከባዱ ነገር የተዋጠው ከሆድ ወደ ደም መግባቱ፣ በሚበቃ መጠን እጢው ጋ መድረሱ፣ እዛም ደርሶ ጤነኛውን ሴል መተዉ ነው፣ ሳህኑ ስለነዚህ አንዱንም አይነግራችሁም። PubMed ላይ በግራ በኩል Clinical Trial የሚል ማጣሪያ አለ፣ እሱን ስትጫኑት ሰው ላይ የተደረጉት ብቻ ይቀራሉ፣ ዝርዝሩ እንዴት ቀጭን እንደሚሆን እራሳችሁ እዩት። ጊሽጣ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያድን የሚያሳምን ማስረጃ የለም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚሉ ይኖራሉ። ጓድሎፕ ደሴት ላይ ከፓርኪንሰን ጋር የሚመሳሰል የነርቭ ችግር ያለባቸው ሰዎች ይሄን ተክል ብዙ እንደሚጠቀሙ እ.ኤ.አ በ1999 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ ምክንያቱ እሱ መሆኑ አልተረጋገጠም ግን «አይጎዳም» ብሎ ለመማልም አይመችም። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው፣ ህክምና መተው። እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት ላይ ሊድን የሚችል ካንሰር ኖሯቸው መደበኛውን ህክምና ትተው አማራጭ ነገር ብቻ የመረጡት የመሞት እድላቸው 2.5 እጥፍ ነበር። ስለዚ ሜሴጁ መድኃኒት አቁሙ፣ ሃኪም ጋ አትሂዱ ካለ ሌላውን ሳታጣሩ እዛው ጋ አቁሙት።

ሁሉም ፎርዋርድ ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እንደሱ ማሰብም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ ጥቅምት 2022 ላይ ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ አራት የተበከሉ የልጆች ሽሮፖች የአለም ጤና ድርጅት ያወጣው ማስጠንቀቂያ እውነት ነበር፣ ያንን «ሌላ ወሬ» ብሎ ያለፈ ሰው ልጁን አደጋ ላይ ይጥል ነበር። ልዩነቱ ስታነቡት ይታያል። የማስጠንቀቂያ ቁጥር አለው (6/2022)፣ የአራቱም ሽሮፕ ስም አለ፣ አምራቹ አለ፣ የተገኘባቸው ኬሚካሎች አሉ፣ እቤት ያለውን ጠርሙስ አንስታችሁ ማስተያየት ትችላላችሁ። ድርጅቱ ዌብሳይት ላይ ሄዳችሁም ያንኑ ታገኙታላችሁ። የውሸቱ «አንድ ትልቅ ሆስፒታል»፣ «አንድ ፕሮፌሰር» ይላል። ስም ከጠራ ደግሞ የተጠራው ተቋም ራሱ ጋ ፈልጉ፣ የአሜሪካው ሆስፒታል ጆንስ ሆፕኪንስ በስሙ ስለ ካንሰር የሚዞረውን ኢሜይል የኛ አይደለም ብሎ ማስተባበያ ለማውጣት ተገዷል።

ለላከው ሰው ስትመልሱ ግሩፑ ላይ አታሸማቁት፣ ይደርቃል እንጂ አይሰማችሁም። እኔ ለአክስቴ ለብቻዋ ደወልኩላትና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነገርኳት፣ ዘሩን፣ ሳህኑን፣ ፍሬው እንዴት እንደተቀየረ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጓደኛዬ ኬሞ ልትጀምር ነው፣ ለሷ ብዬ እኮ ነው» አለች። ሎሚውን ከወደደችው ሃኪሟን ጠይቃ ትጠጣ፣ ኬሞው ግን በቀጠሮው ይጀመር አልኳት። ማታ ሜሴጁን ከግሩፑ አጥፍታው አየሁ።