ገንፎው ከሳ፣ ቆሎው ወፈረ፦ የምግብ ፎቶን ወደ ሜኑ ሥዕል ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሜኑ የሚያሠራ ሰው ፎቶውን በቴሌግራም ይልካል። ጥብሱ ማታ አምፖል ሥር የተነሳ ነው። ሽሮው በቀን በረንዳ ላይ፣ ገንፎው ከነእንፋሎቱ። እንዳሉ ቢታተሙ ከአሥር ቤት የተለቀሙ ይመስላሉ። በመስመርና በጥቂት ቀለም የምንሥላቸው ለዚህ ነው። ጀማሪዎች ግን ያንኑ ዝብርቅርቅ ዞረው ሥዕሉ ውስጥ ይከቱታል።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ እያንዳንዱን ምግብ በፈለጉት መጠን ሥሎ በኋላ ማሳነስ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ያውም የነቃሁት ከታተመ በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ምግብ ያለው ሜኑ ነበር። ገንፎውን ተዝናንቼ 18 ሴንቲሜትር አድርጌ በ2 ፖይንት መስመር ሣልኩት። ቆሎው ላይ ስደርስ ስለደከመኝ በቀጥታ በ6 ሴንቲሜትር ጨረስኩት፣ መስመሩ ያው 2 ፖይንት። ሜኑው ላይ ለሁለቱም የተያዘው ቦታ 6 ሴንቲሜትር ነው። ገንፎው ወደ ሲሶ ሲወርድ መስመሩም አብሮ ወርዶ 0.67 ፖይንት ገደማ ሆነ። ቆሎው በገመድ የተሠራ ይመስላል፣ ገንፎው በሸረሪት ድር። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ሜኑውን ገልጠው አዩና «ምነው ልጄ፣ ገንፎዬን ምን አሳመመው?» አሉኝ።

«ታዲያ መስመሩ አብሮ እንዳያንስ ማድረግ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ኢለስትሬተር ላይ `Scale Strokes & Effects`፣ ኢንክስኬፕ ላይ `Scale stroke width` የሚለውን ማጥፋት ነው። እሱንም ሞከርኩት። መስመሩ 2 ፖይንት ሆኖ ቀረ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ሲሶ ሆነ። ገንፎው መሃል ያለችው የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ ተደፍና ጥቁር ነጠብጣብ ሆነች። ያለ ጉድጓዷ ደግሞ ገንፎ ምኑን ገንፎ ይሆናል?

መፍትሔው ከመጀመሪያው በሚታተምበት መጠን መሣል ነው። አሥራ ሁለት ባለ 6 ሴንቲሜትር ሳጥን አዘጋጁ። ፎቶዎቹን አስገቡና ሳህኖቹ ሁሉ እኩል እስኪሆኑ አሳንሱ ወይም አሳድጉ፣ ከዚያ አደብዝዛችሁ ቆልፏቸው። መስመሩን አንዴ ወስኑ፣ እኔ 1.5 ፖይንት ነው የምጠቀመው። ስትሥሉ ስክሪኑን ማጉላት ትችላላችሁ፣ ሥዕሉን ግን አትንኩ።

ውፍረቱ እኩል ሆኖም ቆሎው ሊጠቁር ይችላል። እያንዳንዷን የገብስ ፍሬ ከከበባችሁ መስመሩ ይጨናነቅና ከሩቅ ጥቁር ክምር ይሆናል። የክምሩን ዙሪያ ሥሉ፣ ውስጡ ሰባት ስምንት ፍሬ ብቻ ጣል አድርጉ። የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ሁለት ሜትር ርቃችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። አንዱ ሥዕል ቀድሞ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ መስመር በዝቶበታል ማለት ነው።

አውቶማቲክ ትሬስ? ለየፎቶው የየራሱን ቀለምና ቅርጽ ያወጣል። ተዉት።

ሌላው ቀለምን ከፎቶው ላይ በጠብታው መሣሪያ መምጠጥ ነው። አምፖል ሥር የተነሳ እንጀራ ብርቱካናማ ነው፣ ደመናማ ጠዋት በር ላይ የተነሳው ሰማያዊ ይላል። አሥራ ሁለት ፎቶ ካላችሁ አሥራ ሁለት ዓይነት እንጀራ ይኖራችኋል ማለት ነው። እኔ አምስት ቀለም እይዛለሁ፦ የእንጀራ፣ የበርበሬ፣ የእርድ፣ የጎመንና የሸክላ። ፎቶው ቅርጽ ለማየት ብቻ ነው። ኢለስትሬተር ላይ አምስቱንም `Global` አድርጓቸው። ባለቤቱ «በርበሬው ደመቅ ይበል» ሲል አንድ ቦታ ትቀይራላችሁ፣ ሁሉም ይቀየራል።

«ሽሮና ክክ አልጫ በአምስት ቀለም እንዴት ይለያሉ?» ብሎ አንድ ልጅ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያለ አሥራ አራት አደረሳቸው። ሽሮው የሸክላ ቀለም ይሁንና ላዩ ላይ ሦስት አራት የፍል አረፋ ይኑረው። አልጫው እርድ ሆኖ የክኩ ግማሽ ክብ ይታይበት። ምስሩ በርበሬ ላይ ነጠብጣብ ይበቃዋል። አይብ ቀለም አይፈልግም፣ ወረቀቱን ተዉለት። ግራ ከገባችሁ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁለት ወጥ ያኔም ከተለየ ሠርታችኋል።

ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ጥቁሩን መስመር እዩት። በ`RGB` ሠርታችሁ ወደ `CMYK` ስትቀይሩት ከአራቱም ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ይሆናል። ኦፍሴት ላይ አንዱ ቀለም ፀጉር ታህል ሸርተት ካለ፣ በቀጭኑ መስመር ዳር ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። `K` 100 አድርጉት፣ ሌሎቹን ዜሮ። የእትዬን ሜኑ እንደገና ሳሳትም ይህንኑ ረስቼ ማሽኑ ሊነሳ ሲል ነው ሮጬ የደረስኩት።