ሰዓቱ 12ን ሲሻገር

አሜሪካ ልጆቻችሁን የቤት ሥራ ለምታግዙ፦ «ከ10:45 ኤኤም እስከ 2:20 ፒኤም ስንት ሰዓት አለፈ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ልጁ ዝም ብሎ ይቀንስና 8:25 ይላል። ትልቁን ቁጥር መጀመሪያ፣ ትንሹን መጨረሻ አድርጎ ነዋ!

መቀነሱን ትቶ መስመር ያስምር። ግራ ጫፍ ላይ 10:45፣ ቀኝ ጫፍ ላይ 2:20፣ መሃል ላይ ደግሞ ደመቅ አድርጎ 12:00 ይጻፍ። ከዚያ በቅስት ይዝለል። እስከ 11:00 ድረስ 15 ደቂቃ፣ እስከ 12:00 ደግሞ 1 ሰዓት። ከ12:00 በኋላ ቆጠራው ከዜሮ እንደሚጀምር ያስብ፤ ስለዚህ እስከ 2:00 ድረስ 2 ሰዓት ነው። የቀረው 20 ደቂቃ ነው። ሲደመር 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ።

ሌሊቱም ያው ነው፤ 12:00 እኩለ ሌሊት ይሆናል እንጂ ዝላዩ አይለወጥም።

መልሱን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በኛ ሰዓት አስቡት። ከ4:45 እስከ 8:20 ስለሚሆን 12 መሃል አይገባም፤ በቀጥታ ይቀነሳል። ጥያቄው ጠዋት ወይም ማታ 6 ሰዓታቸውን ከተሻገረ ግን ይሄ አይሠራም፤ የኛ 12 እዚያ ጋ ነው።